የሲዲ መሰላል እውነተኛ ወለዱ ስንት ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሜሪላንድ የምኖር ነርስ ነኝ። ያጠራቀምኩትን 50,000 ዶላር አምስት ሲዲ ላይ፣ ማለትም ለተወሰነ ጊዜ በተቆረጠ ወለድ በሚታሰር የባንክ ተቀማጭ ላይ፣ ከፋፍዬ ላስቀምጥ ነው። ባንኩ ለ1 ዓመት 4.20፣ ለ2 ዓመት 3.90፣ ለ3 ዓመት 3.80፣ ለ4 ዓመት 3.70፣ ለ5 ዓመት 3.90 በመቶ ይከፍላል። የአንድ ዓመቱ ስለሚበልጥ እሱ ላይ 20,000፣ በ2 እና በ3 ዓመቱ ላይ 10,000 10,000፣ በ4 እና በ5 ዓመቱ ላይ 5,000 5,000 ለማድረግ አስቤያለሁ። አምስቱን ተመን ደምሬ ለአምስት ሳካፍል 3.90 መጣልኝ። በየዓመቱ 3.90 አገኛለሁ ማለት ነው? ደግሞ ሁለተኛው ዓመት ላይ እናቴን ለማምጣት 10,000 ዶላር ያስፈልገኛል።

መልስ፦

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ድምሩም ማካፈሉም ልክ ነው፤ ግን ያገኙት ቁጥር የእርስዎን ገንዘብ አያውቀውም። አምስቱን ተመን እኩል አድርጎ ቆጥሯቸዋል፤ እርስዎ ግን አንደኛው ላይ 20,000፣ ሌላኛው ላይ 5,000 ነው የሚያስቀምጡት። ሌላው ችግር «በየዓመቱ» የምትለው ቃል ነች። እንዲህ በየዓመቱ አንዱ እንዲሞላ የተደረደረ የሲዲ መሰላል ለአምስት ዓመት የሚጸና አንድ የወለድ ቁጥር የለውም። የመጀመሪያው ዓመት ዛሬውኑ በትክክል ይታወቃል። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ግን ጊዜው የሞላው ሲዲ በምን ተመን እንደሚታደስ ስለማይታወቅ ቁጥሩ ይለዋወጣል።

ከመጀመሪያው ዓመት እንጀምር። እያንዳንዱን ገንዘብ በራሱ ተመን ያባዙ። 20,000 በ4.20 በመቶ 840 ዶላር ይወልዳል። የ2 ዓመቱ 390፣ የ3 ዓመቱ 380፣ የ4 ዓመቱ 185፣ የ5 ዓመቱ 195 ዶላር ይወልዳሉ። ድምሩ 1,990 ዶላር ነው። ይህን ለ50,000 ሲያካፍሉት 3.98 በመቶ ይመጣል። ከ3.90ው የሚበልጠው ከፍተኛው ተመን ላይ ብዙ ገንዘብ ስላለ ነው፤ ልዩነቱ በዓመት 40 ዶላር ነው። በኤክሴል ወይም በጉግል ሺትስ ዓመቱን፣ ገንዘቡንና ተመኑን እንዲህ ይጻፉ፤ ከታች ያለችው አንዲት መስመር ሥራውን ትጨርሰዋለች፦

```
     A    B       C
2    1    20000   4.20%
3    2    10000   3.90%
4    3    10000   3.80%
5    4    5000    3.70%
6    5    5000    3.90%

=SUMPRODUCT(B2:B6,C2:C6)/SUM(B2:B6)
```

ሲ ዓምድ ላይ የሚገባው ኤፒዋይ የሚባለው ዓመታዊ ተመን ነው። አንዳንድ ባንክ ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ከሁለቱ ከፍ የሚለው ኤፒዋይ ነው። ኤፒዋይ ወለዱ ዓመቱን ሙሉ ሳይነካ ሲዲው ውስጥ ተቀምጦ፣ ወለዱም ራሱ ወለድ እየወለደ እንደሚሄድ ያስባል። እርስዎ ወለዱ በየወሩ ቼኪንግ ሒሳብዎ ይግባ ካሉ ግን ያ ቁጥር የእርስዎ አይሆንም። በየወሩ የሚታሰብ 4.20 ኤፒዋይ ከሥሩ 4.12 ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከ20,000ው በዓመት የሚደርስዎ 840 ሳይሆን ወደ 824 ዶላር ይሆናል። ወሩን የሚደጉም ገንዘብ የሚፈልግ ሰው ይህን ማድረጉ ስህተት የለበትም፤ ሒሳቡን ሲሠራ ግን ዝቅተኛውን ቁጥር ይጠቀም። ከዚህ በታች የምሠራው ሁሉ ወለዱ እዚያው እንደሚቀመጥ ታስቦ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ዓመቱ ሲሞላ የመጀመሪያው እርከን 20,840 ዶላር ሆኖ ይወጣል። የመሰላል ደንብ ይህን ገንዘብ ወስዶ አዲስ የ5 ዓመት ሲዲ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ እንደ ዕቁብ በየዓመቱ አንድ ተራ ይወጣል፣ የወጣው ተመልሶ ከኋላ ይሰለፋል። የዚያን ጊዜ የ5 ዓመት ተመን ስንት እንደሚሆን ዛሬ ማንም ስለማያውቅ፣ እኔ ደንበኛዬን ሁለት ቁጥር ወስደን እንይ እላለሁ፤ አንድ ዝቅተኛ፣ አንድ ከፍተኛ።

ተመኑ ወደ 3.00 ወረደ እንበል። 20,840ው 625.20 ዶላር ይወልዳል። የቀሩት አራቱ ከነወለዳቸው በድሮው ተመናቸው ይቀጥላሉ፤ አንድ ላይ 1,194.10 ዶላር ያመጣሉ። ጠቅላላው 1,819.30 ነው። በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ ያለዎት ገንዘብ 51,990 ስለሆነ ተመኑ 3.50 በመቶ ይወጣል። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ3.98 ወደ 3.50 ወረደ ማለት ነው። ተመኑ በተቃራኒው ወደ 4.50 ቢወጣስ? ያኔ 20,840ው 937.80 ይወልድና ጠቅላላው 2,131.90፣ ተመኑም 4.10 በመቶ ይሆናል።

ማካፈያው 50,000 ሳይሆን 51,990 መሆኑን ልብ ይበሉ። ብዙ ሰው በሁለተኛውም በሦስተኛውም ዓመት ለመጀመሪያው 50,000 እያካፈለ ወለዱ በየዓመቱ እያደገ የሄደ ይመስለዋል። ያደገው ገንዘቡ እንጂ ተመኑ አይደለም። የየዓመቱ ወለድ የሚካፈለው በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ለነበረው ገንዘብ ነው።

እንግዲህ የሁለተኛው ዓመት ውጤትዎ ከ3.50 እስከ 4.10 ይዋዥቃል። ያው 50,000 አምስቱም ላይ 10,000 10,000 ሆኖ ቢከፈል ምን ይመጣ ነበር? የመጀመሪያው ዓመት 1,950 ዶላር ይወልዳል፤ 3.90 በመቶ ነው። እርስዎ ያገኙት 3.90 ትክክል የሚሆነው እንግዲህ እዚህ ላይ፣ እኩል ሲከፈልና ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ ነው። በሁለተኛው ዓመት የሚታደሰው 10,420 ዶላር ብቻ ስለሆነ፣ ተመኑ ወደ 3.00 ቢወርድ ጥቅሉ 3.66፣ ወደ 4.50 ቢወጣ 3.96 ይሆናል። ውዥቀቱ በግማሽ ቀነሰ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በእርስዎ አከፋፈል ከመቶው አርባው ገንዘብ በአንድ ቀን ለአዲስ ተመን ይጋለጣል፣ በእኩሉ ግን ሃያው ብቻ ነው የሚጋለጠው። ሰው መሰላል የሚሠራው ገንዘቡ በሙሉ በአንድ ቀን ተመን እጅ እንዳይወድቅ ነው። የመጀመሪያውን እርከን ባከበዱት መጠን ይህ ጥቅም ይሸረሸራል።

«የአንድ ዓመቱ ስለሚበልጥ» ያሉት እዚህ ላይ ነው የሚፈተነው። አጭሩ ጊዜ ከረጅሙ የበለጠ የሚከፍለው ባንኮች ወደፊት ተመን ይወርዳል ብለው ሲጠብቁ ነው። ለአምስት ዓመት 4.20 ለመክፈል ቃል መግባት አይፈልጉም። ይህን በቅርቡ አይተነዋል። በ2023 መኸር የፌዴራል ሪዘርቭ ተመን ከ5.25 እስከ 5.50 ላይ በነበረበት ጊዜ የአንድ ዓመት ሲዲ ከ5 በመቶ በላይ ይከፍል ነበር፤ የአምስት ዓመቱ ከዚያ ያነሰ ነበር። ብዙ የማውቃቸው ሰዎች ገንዘባቸውን በሙሉ የአንድ ዓመቱ ላይ አደረጉ። መስከረም 2024 ላይ ቅነሳው ተጀመረ፤ በታኅሣሥ 2024 ተመኑ ከ4.25 እስከ 4.50 ደርሶ ነበር። የአንድ ዓመት ሲዲያቸው ጊዜው ሲሞላ ያ 5 በመቶ የለም።

ስለዚህ ጥያቄው «የቱ ይበልጣል?» ሳይሆን «የአንድ ዓመቱን ከመረጥኩ በኋላ፣ የ5 ዓመቱን እንዳይቆጨኝ ቀጣዮቹ አራት ዓመታት ስንት መክፈል አለባቸው?» ነው። ይህ ሊሰላ ይችላል። በ5 ዓመቱ ላይ የተቀመጠ 1 ዶላር በ3.90 አምስት ጊዜ አድጎ 1.2108 ይሆናል። የአንድ ዓመቱ በመጀመሪያው ዓመት 1.042 ያደርሰዋል። 1.2108ን ለ1.042 ሲያካፍሉ 1.1620 ይመጣል፤ ይህን በአራት ዓመት ሲበትኑት በዓመት 3.83 በመቶ ነው፦

```
=((1+3.90%)^5/(1+4.20%))^(1/4)-1
```

ትርጉሙ ይህ ነው፦ ከአንድ ዓመት በኋላ ለቀጣዮቹ አራት ዓመታት በአማካይ ከ3.83 በላይ ካገኙ የአንድ ዓመቱ ይሻላል፤ ካነሰ የ5 ዓመቱ ይሻል ነበር። አንድ ዓመት ተጠብቆ የተገኘው 0.30 በመቶ ብልጫ የሚገዛልዎ ትንፋሽ ከ3.90 እስከ 3.83 ያለችውን ብቻ ነው። ተመን ከዚያ በላይ ለመውረድ ብዙ አያስፈልገውም። እኔ በዚህች ልዩነት 20,000 ዶላር አንድ እርከን ላይ አልከምርም፤ እኩል እከፍለዋለሁ።

የእናትዎ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ስሌት ይጠይቃል። እስካሁን ያልነው ሁሉ ገንዘቡ እየታደሰ እንደሚቀጥል ታስቦ ነው። የሚወጣ ገንዘብ ካለ ግን ተመንን በገንዘብ መጠን ብቻ መመዘን አይበቃም፤ ስንት ዓመት እንደቆየም መመዘን አለበት። አንድ ዓመት ቆይቶ የወጣ 20,000 እና አምስት ዓመት የቆየ 5,000 እኩል አይናገሩም። ጠርዙን ለማየት፣ ምንም ሳያድሱ እያንዳንዱን ሲዲ ጊዜው ሲሞላ ቢያወጡት እንበል። በእርስዎ አከፋፈል በየዓመቱ መጨረሻ የሚወጣው 20,840፣ ከዚያ 10,795፣ ከዚያ 11,184፣ ከዚያ 5,782፣ በመጨረሻ 6,054 ዶላር ነው። የመጀመሪያውን ቀን ከመቀነስ ምልክት ጋር 50,000 ብለው፣ እነዚህን ከየቀናቸው ጋር ጽፈው ኤክሴልን ይጠይቁት፦

```
=XIRR(B2:B7,A2:A7)
```

እዚህ ሰንጠረዥ ላይ ኤ ዓምድ ቀኑ፣ ቢ ዓምድ ገንዘቡ ነው። መልሱ 3.89 በመቶ ይሆናል። የመጀመሪያው ዓመት 3.98 የነበረው መሰላል እስከ መጨረሻው ሲቆጠር ወደ 3.89 የወረደው ከፍተኛው ተመን ቶሎ ስለወጣ፣ ረጅም የሚቆዩት ደግሞ ዝቅ ያሉት ስለሆኑ ነው። ወደ እርስዎ 3.90 የተጠጋው በአጋጣሚ ነው፤ አከፋፈሉ ወይም ተመኖቹ ቢለወጡ ይራራቃሉ።

የእናትዎ 10,000 ያለ ጭንቀት የሚወጣው ከ2 ዓመቱ እርከን ነው፤ ያኔ 10,795 ዶላር ስለሚሆን የፈለጉት ተሟልቶ 795 ይተርፋል። ሲዲውን የሚከፍቱበት ቀን ግን ላይ ይጠንቀቁ። ጉዞው ሰኔ ላይ ከሆነና ሲዲው የሚሞላው ነሐሴ ላይ ከሆነ ሁለት ዓመት የጠበቁት ገንዘብ ለሁለት ወር ይቆለፍብዎታል። እንዲሁም ያ እርከን ከወጣ መሰላሉ ላይ ክፍተት ይኖራል፤ ታድሶ ቢሆን ኖሮ በሰባተኛው ዓመት ይሞላ የነበረው ሲዲ አይኖርም። ሦስተኛው ዓመት ላይ የሚወጣውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ለ4፣ ግማሹን ለ5 ዓመት ካስቀመጡት ክፍተቱ ይደፈናል።

መሰላሉ እየታደሰ ከሄደ ከአምስተኛው ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ ያሉት ሲዲዎች ሁሉ የ5 ዓመት ይሆናሉ፤ በየዓመቱ ግን አንዳቸው ይሞላሉ። ያኔ ጥቅል ወለድዎ ያለፉት አምስት ዓመታት የ5 ዓመት ተመኖች አማካይ ነው ማለት ነው። ገበያው ሲወጣ መሰላል ይዘገያል፣ ሲወርድም ይዘገያል። ጎረቤትዎ በዚያ ዓመት 5 በመቶ አገኘሁ ሲልዎ የእርስዎ 4.2 ሆኖ ሊያዩት ይችላሉ፤ ያኔ መሰላሉ ተበላሸ ብለው አያፍርሱት፣ ሥራው እንዲሁ ነው።

የሚበላሸው በሌላ ነገር ነው፤ በቸልታ በሚታደስ ሲዲ። እኔ ራሴ ደርሶብኛል። አንድ ባንክ የ13 ወር «ልዩ» ሲዲ ነበረኝ፣ ጥሩ ይከፍል ነበር። ጊዜው ሲሞላ እኔ ለለቅሶ ደሴ ነበርኩ። ማሳወቂያው ደብዳቤ እዚህ ፖስታ ሳጥኔ ውስጥ ተቀመጠ፤ የአሥር ቀን እፎይታው አለፈ። ልዩው ተመን ለታደሰ ሲዲ አይሰጥም ነበርና፣ ገንዘቡ ከአንድ በመቶ በታች ወደሚከፍል ተራ የ12 ወር ሲዲ ገባ። ለማውጣት ቅጣት ከፈልኩ። ባንኩ ሕግ አልጣሰም፤ በራሱ የሚታደስ ሲዲ ከሆነ አስቀድሞ ማሳወቅ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ስለዚህ ሲከፍቱ የእፎይታ ቀኑ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ፤ በተለምዶ ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። ቢቻል ጊዜው ሲሞላ ገንዘቡ ወደ ሴቪንግ ሒሳብ ይግባ ብለው አስቀድመው ያዝዙ። እንደ 7፣ 11 ወይም 13 ወር ያለ ያልተለመደ ጊዜ ካዩ ይህን ነገር ያስታውሱ።

ቅጣቱን በሚመለከት፣ ለ5 ዓመት ሲዲ ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 365 ቀን ወለድ ይወስዳሉ፤ እንደ ባንኩ ይለያያል። 180 ቀን ነው እንበል። 5,000 ዶላር በ3.90 ላይ ይህ 96 ዶላር ገደማ ነው። ሲዲውን በሦስተኛው ወር ቢሰብሩት የተወለደው 48 ዶላር ብቻ ስለሆነ የቀረው ከዋናው ገንዘብ ይቆረጣል፤ 5,000 አስገብተው ከዚያ ያነሰ ይዘው ይወጣሉ። ለድንገተኛ ችግር የሚሆን ገንዘብ ከ50,000ው ውጭ ካልተቀመጠ፣ የመጀመሪያውን እርከን ትንሽ ቀንሰው ቢያስቀምጡ ይሻላል።

የደላላ ድርጅት የሚሸጣቸው ሲዲዎች ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የ5 ዓመቱ ከሌሎች ለየት ብሎ ከፍ ካለ ብዙ ጊዜ ባንኩ ጊዜው ሳይሞላ መልሶ ሊሰበስበው የሚችል፣ ኮለብል የሚባል ነው። ተመን ሲወርድ ባንኩ ይጠራዋል፣ ገንዘብዎን ይመልስልዎታል፤ ከፍ ያለውን ተመን የሚያጡት ልክ በሚያስፈልግዎ ጊዜ ነው። መሰላል ውስጥ ኮለብል ሲዲ አያስገቡ፤ ተመኑን እስከ አምስት ዓመት ብለው ማስላት አይችሉምና።

በመጨረሻ ግብሩ አለ። የሲዲ ወለድ እንደ ደመወዝ ግብር ይከፈልበታል፤ ባንኩ በየዓመቱ 1099 ፎርም ይልክልዎታል። የ5 ዓመት ሲዲ ወለዱን በመጨረሻ ብቻ የሚከፍል ቢሆን እንኳ ግብሩ በየዓመቱ ይጠየቃል፤ ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ይደነግጣል። ለምሳሌ በፌዴራል 22 በመቶ፣ በሜሪላንድ 4.75፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከሆኑ 3.20 ቢደመር ወደ 30 በመቶ ነው። ያኔ የመጀመሪያው ዓመት 3.98 ኪስዎ ውስጥ 2.79 ሆኖ ይቀራል። ወለዱ ላይ የስቴትና የካውንቲ ግብር የማይከፈልበት ትሬዠሪ የሚባለው የፌዴራል መንግሥት የብድር ሰነድ ስለሆነ፣ የአንድ ዓመት ትሬዠሪ 3.77 ከከፈለ ከ4.20ው ሲዲ ጋር እኩል ያደርስዎታል። በዚያ ቀን ትሬዠሪው ከ3.77 በላይ ከሆነ የመጀመሪያውን እርከን እዚያ ያድርጉት፤ ሌሎቹን አራቱንም በየራሳቸው ዓመት በዚሁ መንገድ ያወዳድሯቸው። ቅጣት ከፍለው ከሰበሩ ደግሞ ቅጣቱ በዚያው 1099 ላይ ለብቻው ይጻፋል፤ ግብር ሲያሠሩ ተቀናሽ መሆኑን ለሚያሠሩት ሰው ይንገሩ።